«4/5» የትኛው ቀን ነው? የፈቃድ ቅጽና ሁለቱ የቀን አቆጣጠሮች

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ ሦስተኛው ፎቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አራተኛው ፎቅ ደግሞ የውጭ ድርጅት ቢሮ ሊሆን ይችላል። የታችኛው የበጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ደብዳቤውንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። የላይኛው ደመወዙን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ያሰላል፤ ሪፖርቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ጄኔቫ ይልካል። ሠራተኞቹ ግን ሁለቱም ፎቅ ላይ የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ሠርግ የሚያስቡት በጥር ነው፤ የልጅ ትምህርት የሚያስቡት በመስከረም ነው። የዓመት ፈቃድ የሚጠይቁትም ለእነዚሁ ጉዳዮች ነው።

ስለዚህ በላይኛው ፎቅ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ቀኑን የሚያስበው በአንዱ አቆጣጠር፣ የሚመዘገብለት ደግሞ በሌላው ነው። በመካከል ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ያ ወረቀት ላይ ቀኑ በቁጥር ብቻ ከተጻፈ፣ ሠራተኛው ያሰበው ቀንና መዝገቡ የያዘው ቀን በአራት ወር ሊራራቁ ይችላሉ። ይህ ስህተት የሠራተኛው ጥፋት ተደርጎ ሲታይ ይኖራል። ጥፋቱ ግን የቅጹ ነው፤ መታረም ያለበትም ቅጹ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ ሠራተኛ በ2018 ዓ.ም. ለእህቱ ሠርግ ደሴ ሊሄድ ፈለገ እንበል። ቢሮው ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል። ሠራተኛው በቅጹ ላይ «ከ4/5 እስከ 8/5» ብሎ ጻፈ። በእሱ ሐሳብ አምስተኛው ወር ጥር ነው። ያሰበው ከሰኞ ጥር 4 እስከ ዓርብ ጥር 8 ነው፤ ማለትም ከጃንዋሪ 12 እስከ 16፣ 2026። አለቃው ፈረመለት። ቅጹ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄደ።

የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ለእሷ አምስተኛው ወር ሜይ ነው። ስለዚህ ከሜይ 4 እስከ ሜይ 8 ብላ መዘገበች። ጥንቃቄ ባታጣም፣ ካሌንደሯን ከፍታ ስታይ ሜይ 4 ሰኞ፣ ሜይ 8 ዓርብ ሆነው አገኘቻቸው። አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከጥር 4 እስከ ሜይ 4 ያለው ርቀት 112 ቀን ነው፤ ይህም ልክ 16 ሳምንት ነው። ስለዚህ የጥር ማንኛውም ቀንና ያው ቁጥር ያለው የሜይ ቀን ሁልጊዜ በሳምንቱ አንድ ቀን ላይ ይውላሉ፤ በዘንድሮውም በሚቀጥለውም ዓመት። በአራተኛው ወር፣ ማለትም በታኅሣሥና በኤፕሪል መካከልም እንዲሁ ነው። በሌሎቹ ወራት ብዙውን ጊዜ አንዱ ሰኞ ሲሆን ሌላው በሌላ ቀን ስለሚውል፣ ንቁ የሆነ መዝጋቢ «ይህ ሰው ፈቃዱን እሑድ ይጀምራል እንዴ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በጥር ግን ካሌንደሩ ራሱ ስህተቱን ይሸፍነዋል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው።

ሦስተኛ ንባብም አለ። መዝጋቢዋ «4/5» ብላ በኤክሴል ብትጽፍና ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ቢሆን፣ ኤክሴል ምንም ሳይጠይቅ ኤፕሪል 5 ያደርገዋል፤ የያዝነውን የፈረንጆች ዓመትም ከራሱ ይጨምርበታል። «8/5» ደግሞ ኦገስት 5 ይሆናል። የአምስት ቀን ፈቃድ የአራት ወር ፈቃድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህኛው ስህተት ቢያንስ ግዙፍ ስለሆነ ዓይን ውስጥ ይገባል። አደገኛው ልከኛ የሚመስለው የሜይ ንባብ ነው።

ውጤቱስ? ሰኞ ጥር 4 ሠራተኛው ደሴ ነው። መዝገቡ ግን ሥራ ላይ መሆን አለበት ይላል። እስከ ዓርብ ድረስ አምስት የሥራ ቀን ቀረ ተብሎ ይያዝበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ከሥራ ለመሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። እርግጥ አዋጁ ስለ መቅረቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ፣ በአንድ ቅጽ ስህተት ብቻ ሰው በማግሥቱ ይባረራል ማለት አይደለም። ነገር ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በግል ማኅደሩ ሊገባ፣ የአምስት ቀን ደመወዙም ሊቆረጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ «እኔ ጥር ማለቴ ነበር» የሚል ሰው ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው ያንኑ «4/5» የሚለውን ቅጽ ነው። ወረቀቱ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመሰክራል፤ ለማንም አይመሰክርም ማለት ነው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። መዝገቡ ካልታረመ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት ሠራተኛው ቢሮው ተቀምጦ እየሠራ ፈቃድ ላይ ነው ይባላል። ከዓመት ፈቃዱም የሚቀነሰው ቀን ይዛባል። ሜይ 5 ሚያዝያ 27 ነው፤ የአርበኞች የድል ቀን። በዓል ስለሆነ ያ ሳምንት አራት የሥራ ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ጥር 4 የጀመረው ሳምንት ግን አምስት ነበረው። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ከ16 ቀን ላይ የአንድ ቀን ልዩነት እንኳ ለባለቤቱ ቀላል አይደለም።

ብዙ ቢሮዎች ይህን ያውቃሉ፤ መፍትሔ ብለው የያዙትም የዓመተ ምሕረት ምልክት ማድረግ ነው። ይህ መፍትሔ ግን የሚታሰበውን ያህል አይረዳም። «ዓ.ም.» የሚለውን ብዙ ሰው ከሁለቱም አቆጣጠር ጋር ይጽፈዋል፤ «እ.ኤ.አ. በ2026 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ በየጋዜጣው አለ። «እ.ኤ.አ.» እና «እ.ኢ.አ.» ደግሞ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ቅጥያ ነው። በእጅ ተጽፎ፣ ሁለት ጊዜ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ በስልክ ካሜራ ተነስቶ በተላከ ቅጽ ላይ ያቺን ቅጥያ ለይቶ የሚያነብ የለም። የሰው ኑሮ በአንዲት ጭረት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ሌሎች «ዓመቱን ሙሉ ከጻፉት ይበቃል፤ 2018 እና 2026 አይምታቱም» ይላሉ። ይህ ከባዶው ይሻላል፤ ግን ዓመቱ ራሱ ተንሸራታች ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። ከሰኞ ታኅሣሥ 20 እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 የተወሰደ ፈቃድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር ውስጥ ያለ ተራ ሳምንት ነው። በፈረንጆቹ ግን ዲሴምበር 29፣ 2025 ተጀምሮ ጃንዋሪ 2፣ 2026 ያልቃል። ፈቃድን በጃንዋሪ የሚያድስ ድርጅት ሦስቱን ቀን ከአሮጌው፣ ሁለቱን ከአዲሱ ዓመት መቀነስ አለበት። ቅጹ ላይ ያለው የዓመት ሣጥን አንድ ብቻ ከሆነ፣ መዝጋቢው ሁሉንም ወደ አንዱ ጠቅልሎ ያስገባዋል። «ዲሴምበር 29፣ 2026» ተብሎ በአንድ ዓመት የተሳሳተ ቀን የሚወለደውም እንዲህ ነው።

ጳጉሜንም የራሷ ጣጣ አላት። ጳጉሜን 3 ቀን 2018 በቁጥር ሲጻፍ 3/13/2018 ይሆናል። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም አይቀበለውም ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ፕሮግራም ሳያንገራግር ማርች 13 ብሎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 8፣ 2026 ነው። የልጁን ደብተርና ዩኒፎርም ለመግዛት በጳጉሜን ፈቃድ የጠየቀ ወላጅ፣ መዝገብ ላይ ከስምንት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም ወራት የወጣ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የሚያድነው ነገር ቀላል ነው፤ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ። «ጥር» የሚለውን ቃል ሜይ ብሎ ሊያነብ የሚችል ሰው የለም። «ሜይ» የሚለውም ጥር ሊሆን አይችልም። ስሙ ራሱ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። የአውሮፓና የአሜሪካ አጻጻፍ ልዩነትም በዚያው ይጠፋል፤ «ጃንዋሪ 12» ተባለ «12 ጃንዋሪ» ያው ነው። ቅጹ በቁጥር የሚሞላ የወር ሣጥን ሊኖረው አይገባም፤ ስም የሚጻፍበት መስመር ይበቃዋል።

በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ ከዓመት ጀምሮ መጻፍ፣ ማለትም 2026-01-12 ማለት፣ ለማሽን ጥሩ ነው። ይህ አጻጻፍ ግን የቀንና የወርን ቅደም ተከተል እንጂ አቆጣጠሩን አይናገርም። 2018-05-04 ብሎ የጻፈ ሰው ጥር 4ን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ግን ሜይ 4፣ 2018 ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ይህ አጻጻፍ ለፈረንጆቹ አቆጣጠር ብቻ ቢተው ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው «እስከ» የሚለው ቃል ነው። «እስከ ጥር 8» ሲባል ጥር 8 ፈቃድ ውስጥ ነው ወይስ ሰውየው በዚያ ቀን ሥራ ይገባል? በአማርኛ ሁለቱም ይባላል። አለቃው ዓርብ ጠዋት ይጠብቀዋል፤ ሠራተኛው ግን ገና ደሴ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናትም አይረዱም። ጥር 9 ቅዳሜ፣ ጥር 10 እሑድ፣ ጥር 11 ሰኞ ጥምቀት ነው። ስለዚህ የሥራ መመለሻው ማክሰኞ ጥር 12 ነው። በዓሉን የማያውቅ ውጭ አገር ያለ አለቃ ግን ሰኞ ጃንዋሪ 19 «ለምን አልገባም?» ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚዘጋው «እስከ» የሚለውን ከቅጹ አውጥቶ በሦስት ጥያቄ መተካት ነው፤ የፈቃዱ የመጀመሪያ ቀን፣ የፈቃዱ የመጨረሻ ቀን፣ ሥራ የሚጀመርበት ቀን።

በዚህ መንገድ የተሞላ ቅጽ ይህን ይመስላል፦

የፈቃዱ የመጀመሪያ ቀን፦ ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 / ጃንዋሪ 12 ቀን 2026
የፈቃዱ የመጨረሻ ቀን፦ ዓርብ ጥር 8 ቀን 2018 / ጃንዋሪ 16 ቀን 2026
ሥራ የሚጀመርበት ቀን፦ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 / ጃንዋሪ 20 ቀን 2026
የሥራ ቀናት ብዛት፦ 5

ሠራተኛው የሚሞላው በሚያስብበት አቆጣጠር ነው፤ የሳምንቱን ቀንም ይጽፋል። ወደ ሌላው መመለስ የሰው ሀብት ክፍሉ ሥራ ነው። ሠራተኛው የሚፈርመው ግን ሁለቱም ከተሞሉ በኋላ መሆን አለበት። አሁን በብዙ ቦታ ሰው ፈርሞ ይሄድና ምን ተብሎ እንደተመዘገበ የሚያውቀው ደመወዙ ጎድሎ ሲያገኘው ነው።

የሳምንቱ ቀን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በቁጥር ብቻ የተጻፈውን የጥርና የሜይ መምታታት እንደማያጋልጥ ከላይ ታይቷል፤ ያንን የሚፈታው የወሩ ስም ነው። አንዱን አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲመልሱ የሚመጣውን የአንድ ቀን ስህተት ግን ወዲያው ያሳያል። ሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ሰኞ ነው። ጥር 4 ሰኞ ተብሎ በአጠገቡ የተጻፈው የፈረንጆች ቀን እሑድ ከሆነ፣ አንድ ሰው ተሳስቷል።

ይህ የአንድ ቀን ስህተት ደግሞ የሚመጣበት ወቅት አስቀድሞ ይታወቃል። አብዛኛው ሰው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ በቃሉ ይዟል፤ የቀሩትንም ከዚያ ተነስቶ ይቆጥራል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግሥት ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ሁሉም ነገር እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለሆነች በ2020 ዓ.ም. እንደገና ይሆናል። በዚያ ዓመት ጥር 4 ጃንዋሪ 12 ሳይሆን ጃንዋሪ 13፣ 2028 ነው። ከማርች 1 በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ዓድዋ የካቲት 23 በዚያም ዓመት ማርች 2 ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለዓመታት የሚያገለግል የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ በእነዚያ ስድስት ወራት ገደማ ሁሉንም ሰው በአንድ ቀን ያሳስታል። ስለዚህ ቀን የሚመለሰው በቃል ሳይሆን የዚያኑ ዓመት ካሌንደር አይቶ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቢሮው አንዱን አቆጣጠር መርጦ በዚያ ብቻ ይሥራ» የሚለው ነው። ለመዝገብ አንዱን መነሻ ማድረግ ትክክል ነው፤ ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና በውስጥ ደንብ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ሌላውን ማጥፋት ግን አይቻልም። የፈረንጆቹን ብቻ የያዘ ቢሮ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልንና ጥምቀትን ከሥራ ቀን ሲቀንስ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የኢትዮጵያን ብቻ የያዘም የሠራተኞች ቀን የሚውለው ሜይ 1 መሆኑን መርሳት አይችልም። ሠራተኛውም የቤቱን ጉዳይ በቢሮው ካሌንደር እንዲያስብ ማስገደድ አይቻልም፤ ቢገደድ በልቡ ይመልሰዋል፤ ስህተቱም ማንም በማያየው ቦታ ይፈጸማል። ቅጹ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ስህተት የሚታይ ነገር ይሆናል።

«ወረቀት ያበዛል» የሚለውም አያስኬድም። የሚጨመረው በሦስት መስመር ላይ የወር ስምና የሳምንት ቀን ነው። ለመሙላት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በሌላው ወገን ያለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስተካከያ፣ «ጥር ማለቴ ነበር» «አይ፣ ሜይ ነው የጻፍከው» የሚል የሳምንታት ጭቅጭቅ ነው።

ቅጹ እስኪቀየር ድረስም ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። የቅጹ ሣጥን ቁጥር ብቻ ቢጠይቅም ከጎኑ «ጥር» ብሎ መጻፍ የሚከለክል ደንብ የለም። የተፈረመበትን ቅጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ በመዝገብ የገባለትንም ቀን ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል። የአሠሪው ድርሻ ግን ከዚህ ይበልጣል። በሁለት አቆጣጠር የሚሠራ ድርጅት ቀኑ በሁለት መንገድ ሊነበብ የሚችል ቅጽ አዘጋጅቶ፣ ከዚያ በራሱ ንባብ ሠራተኛውን መቅጣት የለበትም። ቅጹ ለሁለት ትርጉም ክፍት ሆኖ ከተገኘ፣ ለሠራተኛው የሚጠቅመው ንባብ እንዲጸና በውስጥ ደንቡ ቢያሰፍር ተገቢ ይሆናል። ያን ጊዜ ቅጹን ለማስተካከል የሚቸኩለው ራሱ ድርጅቱ ይሆናል።